ከጀርባው «ስኳር» በሦስተኛነት የተጻፈ የማንጎ መጠጥ፤ የተጨመረው ስኳር ስንት ነው?

እመ ሁለት

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ አጂፕ አካባቢ ነው። አባቴ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርበው የደም ስኳራቸው ከፍ ማለቱ ስለተነገራቸው ለስላሳ መጠጣት አቁመዋል። በምትኩ ግን ከሰፈራችን ሱቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጥ የማንጎ መጠጥ በየቀኑ ከምሳ በኋላ አንድ ጠርሙስ ይጠጣሉ። ስናገራቸው «ይህ ፍራፍሬ ነው፤ ስኳር አይደለም» ብለው ይመልሱልኛል። እኔም ከመከራከሬ በፊት ጽሑፉን ላንብበው ብዬ ጠርሙሱን አገላብጬ አየሁት።

ይዘቱ እንዲህ ይላል፦ ውሃ፣ የተፈጨ ማንጎ፣ ስኳር፣ የግሉኮስና ፍሩክቶስ ሽሮፕ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ሴሉሎስ ጋም፣ አስኮርቢክ አሲድ፣ የማንጎ ሽታ። በሠንጠረዡ ላይ ደግሞ ኃይል 52 ኪሎ ካሎሪ፣ ካርቦሃይድሬት 13 ግራም፣ ከዚህ ውስጥ ስኳር 12.6 ግራም ተብሎ ተጽፏል። ጠርሙሱ 300 ሚሊ ሊትር ይይዛል።

ከማንጎው በኋላ የተጻፈው ስኳር ስለሆነ ማንጎው የሚበዛ መስሎኛል፤ 12.6 ግራምም ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል ስለሆነ ያን ያህል የሚያስፈራ አልመሰለኝም። ይሁን እንጂ «የተጨመረ ስኳር» የሚል መስመር የትም አላገኘሁም። ከማንጎው የመጣውንና ፋብሪካው የጨመረውን ለይቶ ማወቅ የሚቻልበት መንገድ ካለ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሒሳብ ቀላል

እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ አንድ ነገር አምልጦሻል። ሠንጠረዡን ከላይ በደንብ ተመልከቺው፤ 12.6 ግራም የተባለው ለሙሉው ጠርሙስ ሳይሆን ለ100 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ጠርሙሱ 300 ስለሆነ በሦስት ታባዢዋለሽ፤ 37.8 ግራም ይመጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ አራት ግራም ቢሆን ዘጠኝ ማንኪያ ተኩል ማለት ነው። አባባ በየቀኑ የሚጠጡት ይህን ነው።

ስሞቹን በተመለከተ ደግሞ ቀላል ደንብ አለ። መጨረሻው «ኦስ» የሆነ ሁሉ ስኳር ነው። ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ሱክሮስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ ሁሉም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በዚህ ጠርሙስ ውስጥ ስኳር፣ ሽሮፕና ሴሉሎስ ጋም ተብሎ በሦስት ስም ተደብቋል። 37.8 ግራሙ በሙሉ የተጨመረ ነው፤ የማንጎው ለጣዕምና ለቀለም ያህል ብቻ ነው።

እመ ሁለት

ወንድሜ፣ እውነት ነው፤ በሠንጠረዡ ራስ ላይ በጣም በደቃቅ ፊደል «በ100 ሚሊ» ይላል። መነጽሬን አድርጌም በስንት ልፋት ነው ያነበብኩት። አመሰግናለሁ።

ሚዛን ጠባቂ

ለረጅም ዓመታት በመጠጥ ፋብሪካዎች የጥራት ቁጥጥር ክፍል ውስጥ ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍል። ሒሳብ ቀላል ያቀረበው ብዜት ትክክል ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ጥርጣሬ ካለ በካሎሪው ማረጋገጥ ይቻላል። አንድ ግራም ስኳር አራት ኪሎ ካሎሪ ስለሚሰጥ፣ ቅባትና ፕሮቲን በሌለበት መጠጥ 52ን ለ4 ብናካፍል 13 ይሆናል፤ ከካርቦሃይድሬቱ ቁጥር ጋር ልክ ይገጥማል። ኃይሉ በኪሎ ጁል ብቻ የተጻፈበት ጠርሙስ ካጋጠማችሁ ለ17 አካፍሉት። ይህ ዘዴ በተለይ የስኳር መስመር በሌለበት ጠርሙስ ላይ በእጅጉ ይጠቅማል።

የ«ኦስ» ደንብ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚሠራው። ሴሉሎስ ጋም ስኳር አይደለም። የተፈጨው ማንጎ ከጠርሙሱ ግርጌ እንዳይዘቅጥ መጠጡን ወፈር የሚያደርግ ነገር ነው፤ ሰውነትም እንደ ስኳር አይፈጨውም፤ የሚገባውም በጣም በትንሹ ነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳስተው ሱክራሎስ ነው። ሱክሮስ ተራው የሸንኮራ ስኳር ሲሆን፣ ሱክራሎስ ደግሞ ካሎሪ የሌለው ማጣፈጫ ነው። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው፤ በትንሽ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እኔ ራሴ ሁለቴ ነው የማየው። በሌላ በኩል መጨረሻቸው «ኦስ» ያልሆነ ስኳሮች ሞልተዋል፦ ኢንቨርት ሽሮፕ፣ ማር፣ ሞላሰስ፣ የብቅል ጭማቂ፣ የአገዳ ጭማቂ፣ የተወፈረ የወይን ወይም የፖም ጭማቂ።

«ሁሉም የተጨመረ ነው» የሚለውም ትክክል አይደለም። የበሰለ ማንጎ ሲፈጭ የራሱ ስኳር አለው፤ ከመቶ ግራም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 17 ግራም ያህል ይደርሳል። ስለዚህ የሚያስፈልገን አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ እሱም የማንጎው መጠን በመቶኛ ነው። እህቴ፣ ጠርሙሱ ላይ «የፍራፍሬ ይዘት» ወይም በመቶኛ የተጻፈ ነገር ካለ ፈልጊልኝ። አንዳንዴ ከይዘቱ ዝርዝር ውጭ፣ ክዳኑ ሥር ወይም ከባርኮዱ አጠገብ ይቀመጣል።

ባለሱቁ ሂርማታ

እኔ ሂርማታ አካባቢ ሱቅ አለኝ፤ ይህን መጠጥም እሸጣለሁ። ሰው ሁሉ ባለሱቅን ሲወቅስ ስለምሰማ ለመናገር ነው የገባሁት። እኛ የምንሸጠው ተጽፎበት የመጣውን ነው፤ ጽሑፉን የምንጽፈው እኛ አይደለንም። እንዲያውም ይህኛው የተሻለ ነው። ከውጭ የሚመጡት አንዳንዶቹ ጽሑፋቸው በዐረብኛ ብቻ ነው፤ አስመጪው የሚለጥፈው ወረቀት ደግሞ አንዳንዴ የስኳሩን ሠንጠረዥ ራሱን ይሸፍነዋል። ተመላሽ በሆነው የመስታወት ጠርሙስ የሚመጣው ለስላሳ ላይ ደግሞ ደንበኛ የሚያነበው ነገር ቆርኪው ላይ ያለው ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እሱን ደግሞ ከፍተን እንጥለዋለን።

ጥያቄ ግን አለኝ። አንድ ሌላ ጠርሙስ አለኝ፤ ፊቱ ላይ በትልቁ «ስኳር ያልተጨመረበት» ይላል። ለስኳር በሽተኛ የሚሆን ጁስ ስጠኝ የሚለኝን ደንበኛ እሱን ነው የምሰጠው። ይዘቱ ውሃ፣ የተወፈረ የፖም ጭማቂና አስኮርቢክ አሲድ ነው። ስኳሩ በመቶ ሚሊ 11 ግራም ይላል፤ ጠርሙሱም 250 ሚሊ ነው። ሳይጨመርበት 11 ግራም ከየት መጣ? ውሸት ነው ወይስ እውነት?

እመ ሁለት

ሚዛን ጠባቂ እንዳሉት ከባርኮዱ ሥር አገኘሁት። «የማንጎ ይዘት ቢያንስ 10 በመቶ» ይላል። ፊት ለፊት የተሳለው ማንጎ ግን የጠርሙሱን ግማሽ ይሸፍናል።

ሚዛን ጠባቂ

እንግዲህ ሒሳቡ ተሟላ። 300 ሚሊ ሊትር የሆነ እንዲህ ያለ ጣፋጭ መጠጥ፣ ስኳሩ ከውሃ ስለሚያከብደው፣ ሲመዘን ወደ 315 ግራም ይደርሳል። ከዚህ ውስጥ 10 በመቶው 31.5 ግራም የተፈጨ ማንጎ ነው። ማንጎው በመቶ ግራም 14 ግራም ስኳር አለው ብንል፣ ከማንጎው የመጣው 4.4 ግራም ነው። ከጠቅላላው 37.8 ግራም ላይ ይህን ስንቀንስ 33.4 ግራም ይቀራል፤ የተጨመረው ይህ ነው። ስምንት የሻይ ማንኪያ አልፎ ትንሽ ማለት ነው፤ ማንኪያው ግን ልክ የተስተካከለ እንጂ እኛ ሻይ ላይ የምናደርገው ክምር ያለው አይደለም። ያንን ክምር በሚዛን ስለካው ስድስትና ሰባት ግራም ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

«ማንጎው ይበልጥ ጣፋጭ ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ማንጎውን 17 ግራም ስኳር ያለው አድርገን ብንወስድ የተጨመረው 32.4 ይሆናል፤ 12 ብንል ደግሞ 34። ማንጎው ትንሽ በሆነበት መጠጥ ግምታችን ቢሳሳትም የመልሱ ለውጥ ከሁለት ግራም አይበልጥም። ማንጎው 50 በመቶ ቢሆን ኖሮ ግን ግምቱ በጣም ይንሸራተት ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዚህ ዘዴ ላይ ብዙ መመካት አይቻልም። «ቢያንስ» የምትለውም ቃል ከ10 ከፍ ማለት እንደሚችል ትነግረናለች፤ ነገር ግን በፋብሪካ ውስጥ ማንጎ ከስኳር ስለሚወደድ ከተጻፈው አልፎ ብዙ የሚጨምር ሰው አላየሁም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ልመለስ፤ እህቴን ያታለላት እሱ ስለሆነ። ይዘት የሚዘረዘረው ከሚከብደው ወደሚቀለው ነው፤ ይህ ደንብ በብዙ አገር አንድ ዓይነት ነው። እንግዲህ 33.4 ግራሙ በሙሉ ተራ ስኳር ቢሆን ኖሮ ከ31.5 ግራሙ ማንጎ ስለሚበልጥ ዝርዝሩ «ውሃ፣ ስኳር፣ የተፈጨ ማንጎ» ይል ነበር። ነገር ግን ከፊሉ በስኳር፣ ከፊሉ በሽሮፕ ሲገባ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከማንጎው ያንሳሉ፤ ማንጎውም ወደ ሁለተኛው ቦታ ከፍ ይላል። ለምሳሌ 20 ግራም ስኳርና፣ የራሱን ውሃ ጨምሮ 18 ግራም የሚያህል ሽሮፕ ቢሆን ዝርዝሩ ልክ እንደተጻፈው ይወጣል። አንድም የሐሰት ቃል አልተጻፈም፤ ይሁን እንጂ አንባቢው የሚረዳው ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ ሆን ተብሎ ለማታለል ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሽሮፕ የሚገባው ፈሳሽ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ለመቀላቀል ስለሚመች፣ አንዳንዴም ከስኳር ስለሚረክስ ነው። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ እናንተ ስታነቡ ስኳር የሆኑትን ስሞች በሙሉ በጣታችሁ ሰብስባችሁ እንደ አንድ ነገር ቁጠሯቸው፤ ከዚያ በኋላ ቦታቸው የት እንደሚሆን አስቡ።

ለባለሱቁ፦ ውሸት አይደለም፤ እውነትም ለማለት ያስቸግራል። የፖም ጭማቂ ውሃው ተንኖ ከተወፈረ በኋላ ፋብሪካው ያንኑ ያህል ውሃ መልሶ ቢጨምርበት ወደ መደበኛ ጭማቂ ይመለሳል፤ 11 ግራሙም ፖሙ ራሱ የነበረው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ደንብ «የተጨመረ ስኳር» የሚለውን መስመር ሲያስገድድ እንዲህ ያለውን አልቆጠረውም። ያው የተወፈረ ጭማቂ ሌላ መጠጥ ለማጣፈጥ ሲገባ ግን ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ «ነፃ ስኳር» በሚል ስም የፋብሪካውን ስኳር፣ ማርን፣ ሽሮፕንና የፍራፍሬ ጭማቂን ስኳር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። በዚያ አቆጣጠር የእርስዎ ጠርሙስ 27.5 ግራም ነፃ ስኳር አለው። ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ የሚሆን ነው ብለው ባይሰጡ ይሻላል።

ሒሳብ ቀላል

ስለ ሴሉሎሱ ታርሜያለሁ። ነገር ግን ጽሑፍን ከማመን ብዬ በራሴ ሞከርኩት። አንድ ጠርሙስ ገዝቼ በብረት ድስት ከሰል ላይ ጥጄ፣ ልክ እንደ ማር እስኪወፍር ድረስ እያማሰልኩ አፈላሁት። ከዚያ ጓደኛዬ ሱቅ ባለው ዲጂታል ሚዛን የድስቱን ክብደት ቀንሼ ስመዝነው 52 ግራም ወጣ። ጽሑፉ 37.8 ነው የሚለው። ታዲያ 14 ግራሙ ስኳር አልተደበቀም ትላላችሁ?

ሚዛን ጠባቂ

ሙከራህን ወድጄዋለሁ፤ ድምዳሜህን ግን አልቀበልም። ስኳር ውሃን አጥብቆ የሚይዝ ነገር ነው። እንደ ማር የወፈረ ሽሮፕ ውስጥ አሁንም ከአምስት እጅ አንዱ ወይም ከአራት እጅ አንዱ ውሃ ነው። ውሃውን በሙሉ ለማባረር ብትሞክር ስኳሩ ቀድሞ ይቃጠላል፤ ቀለሙ ሲጠቁርና ምሬት ሲሸትህ ክብደቱ ከእውነተኛው በታች መውረድ ይጀምራል። ከ52 ግራምህ ላይ ሩቡን ውሃ ብለን ብናነሳ 39 ግራም ይቀራል። በውስጡ 37.8 ግራም ስኳር፣ ቀሪው ደግሞ ሲትሪክ አሲዱ፣ የማንጎው ጭረትና በሽሮፑ ውስጥ ስኳር ተብሎ የማይቆጠረው ክፍል ነው። ሙከራህ ጽሑፉን እንዲያውም አረጋገጠው።

ፋብሪካ ውስጥም የምንለካው በሌላ መንገድ ነው። ሪፍራክቶሜትር በሚባል በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ አንድ ጠብታ ጠብ አድርገን በብርሃን እናየዋለን፤ የሚነግረን ብሪክስ የሚባለውን፣ ማለትም ከመቶ ግራም ውስጥ የሟሟው ስንት እንደሆነ ነው። የጅማ ልጅ ቡና ሲመረት አይቶ ከሆነ በአንዳንድ ጣቢያ የቀይ ቡናን ጣፋጭነት ለመለካት የሚያዘው መሣሪያ ያው ነው።

ይሁንና እሱም ሆነ ስኳርን የሚለካው የተለመደ የላቦራቶሪ መሣሪያ የተጨመረውን ከተፈጥሮው አይለይም። ማንጎው ውስጥም ሱክሮስ፣ ግሉኮስና ፍሩክቶስ አሉ፤ የተጨመረውም እነዚያው ናቸው። በዚያ ላይ መጠጡ ጎምዛዛ ስለሆነ የተጨመረው ተራ ስኳር በመደብር ቆይታው ቀስ በቀስ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጠቃል። ዛሬ የተመረተና ከስድስት ወር በኋላ የተከፈተ ጠርሙስ አንድ ዓይነት መጠጥ ሆነው ሳለ በላቦራቶሪ የስኳሮቻቸው ድርሻ የተለያየ ሆኖ ይገኛል፤ ጠቅላላው ግን አይለወጥም ማለት ይቻላል። የተጨመረውን በእርግጠኝነት የሚያውቀው የፋብሪካው የቅልቅል መዝገብ ብቻ ነው። እኛ ከውጭ ሆነን የምንሠራው ግምት ነው።

የአዌቱ ዳር

ይቅርታ፣ ጥያቄው እንዴት እንደሆነ በትክክል ተረድቼ ከሆነ አላውቅም። ልጄ ዓይነት አንድ የስኳር ሕመም አለበት፤ ኢንሱሊን ይወጋል። የእኛ ጭንቀት ደግሞ ስኳሩ ሲወርድበት ነው። ነርሷ «15 ግራም ፈጣን ስኳር ስጡት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግማችሁ ለኩ» ብላናለች። ይህ የማንጎ መጠጥ ለእሱ ይሆናል? የምንቆጥረውስ የተጨመረውን 33 ግራም ነው ወይስ ሙሉውን?

ሚዛን ጠባቂ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ የተገላቢጦሽ ነው፤ ግን ጥሩ ነው ያነሱት። ለልጁ የሚቆጠረው ሙሉው ነው፤ ደሙ የማንጎውንና የፋብሪካውን ለይቶ አያውቅም። 15ን ለ12.6 ቢያካፍሉ 1.2 ይሆናል፤ ስለዚህ 120 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ከጠርሙሱ ግማሽ በታች። ጠርሙሱ ላይ አስቀድመው በእስክሪብቶ መስመር ቢያሰምሩ በድንጋጤ ጊዜ መስፈር አያስፈልግዎትም። ሊጠነቀቁበት የሚገባው ሌላ ነው። ማሸጊያው ተመሳሳይ ሆኖ በአስፓርቴም ወይም በሱክራሎስ የጣፈጠ ጠርሙስ እንዳይሰጡት፤ እሱ ጣፋጭ ቢሆንም የወረደውን ስኳር አያነሳም። ለዚህ ዓላማ የግሉኮስ ዱቄት ወይም ተራ ስኳር በውሃ ከማንጎ መጠጥ ቢፈጥን እንጂ አይዘገይም፤ በዚህ ላይ ግን ነርሷ ያለችዎትን ይያዙ።

ነፊሳ

እኛ ቤት ለስላሳም ሆነ የፋብሪካ ጁስ አይገባም፤ ለእንግዳ የምናቀርበው ብርዝ ነው። የማር አገር ሰው ሆነን ስኳር የምንገዛበት ምክንያት የለም። ማሩ ንጹህ ስለሆነ ይህ የ«ነፃ ስኳር» ነገር እኛን አይመለከተንም ብዬ አስባለሁ። አንድ የምጠይቀው ግን ከአልኮል ነፃ ስለሆነው የብቅል መጠጥ ነው። ባለቤቴ ይወደዋል፤ ይዘቱ ላይ ውሃ፣ የገብስ ብቅልና ስኳር ነው ያለው። እዚያ ውስጥ የተጨመረው ስንት ነው?

ሚዛን ጠባቂ

እትዬ ነፊሳ፣ ብርዙ ላይ አዝናለሁ። ማር ከመቶው ሰማንያ ያህሉ ስኳር ነው፤ ፍሩክቶስና ግሉኮስ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 20 ግራም ያህል ቢመዝን 16 ግራም ስኳር ይሆናል። የማሩ ንጽሕና ማጣፈጫነቱን አይለውጠውም። ልዩነቱ ብርዙን የሚበጠብጡት እርስዎ ስለሆኑ ያስገቡትን መጠን ማወቅዎ ነው።

የብቅሉን ነገር በማንጎው መንገድ መሥራት አይቻልም። ገብሱ ሲበቅልና በሙቅ ውሃ ሲዘፈዘፍ የራሱ ስታርች ወደ ማልቶስ ይቀየራል፤ ከጠርሙሱ ስኳር ውስጥ ከፊሉ ይህ ነው። የብቅሉ መጠን በመቶኛ ካልተጻፈ የምንቀንሰው ቁጥር የለንም።

ሒሳብ ቀላል

ታዲያ ከብቅሉ የወጣው ማልቶስስ የተጨመረ ነው ወይስ አይደለም? ሰው ፋብሪካ ውስጥ አደረገው እንጂ ገብሱ ራሱ ጣፋጭ አልነበረም። ለእኔ የተጨመረ ነው።

ባለሱቁ ሂርማታ

እንጀራም ውስጥ ከጤፉ የሚመጣ ነገር አለ፤ እሱንም የተጨመረ ልትለው ነው እንዴ?

ሚዛን ጠባቂ

ሁለታችሁም የያዛችሁት ነገር አለ። የብቅል ሽሮፕ ተገዝቶ ለማጣፈጫ ሲገባ እንደ ተጨመረ ይቆጠራል። መጠጡ ራሱ ከብቅል ሲጠመቅ ግን የት ላይ መስመር እንደሚሰመር ባለሙያዎችም አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። የተፈጨ ማንጎም ላይ ተመሳሳይ ክርክር አለ፤ ጭማቂ ነው ያሉት ስኳሩን ነፃ ይሉታል፣ ፍሬ ነው ያሉት አይሉትም። በእመ ሁለት ጠርሙስ ላይ ክርክሩ 4.4 ግራም ብቻ ስለሚነካ እንቅልፍ የሚነሳ አይደለም። በብቅሉ ላይ ግን ግማሹን ሊነካ ይችላል።

እመ ሁለት

ትናንት ከምሳ በፊት አባቴ ፊት ስኒ ማስቀመጫ ላይ ስምንት ማንኪያ ስኳር አንድ በአንድ ቆጥሬ ከመርኩ፤ ምንም አልተናገርኩም። ትንሽ ዝም ብለው ካዩት በኋላ «ከዚህ ውስጥ የማንጎው የቱ ነው?» አሉኝ። አንዲት ማንኪያ ለብቻ ጨምሬ አሳየኋቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለውን ሚዛን ጠባቂ አልጻፉትም እንጂ እኔ ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ 2000 ኪሎ ካሎሪ ለሚመገብ ሰው ነፃ ስኳር በቀን ከ50 ግራም በታች፣ ቢቻል ደግሞ ከ25 በታች እንዲሆን ነው። የአባቴ አንድ ጠርሙስ ብቻውን ከ25 አልፏል።

አሁን ግን እኅቴ ሌላ ጠርሙስ ይዛ መጥታለች። ካርቦሃይድሬት 12 ግራም፣ ከዚህ ውስጥ ስኳር 5 ግራም፣ ኃይል 48 ኪሎ ካሎሪ ይላል። ይዘቱ ውሃ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ስኳር፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ሱክራሎስ ነው። «ስኳሩ ከግማሽ በታች ነው» ብላ ለአባቴ ልትሰጥ ነው። ሱክራሎሱ ስኳር እንዳልሆነ ተምሬያለሁ፤ ማልቶዴክስትሪኑ ግን ግራ አጋብቶኛል።

ሚዛን ጠባቂ

ጠርሙሱን ባትከፍቱት ይሻላል። በካርቦሃይድሬቱና በስኳሩ መካከል ያለውን 7 ግራም ተመልከቺ፤ ማልቶዴክስትሪኑ እዚያ ውስጥ ነው የተቀመጠው። ከበቆሎ ወይም ከካሳቫ ስታርች ተቆራርጦ የሚሠራ ሲሆን ሰንሰለቱ ከተራ ስኳር ስለሚረዝም በሠንጠረዡ «ስኳር» ከሚለው መስመር ውጭ ይቀራል፤ ብዙም አይጣፍጥም፤ ማጣፈጡን ሱክራሎሱ ይሠራል። አንጀት ውስጥ ሲገባ ግን በፍጥነት ወደ ግሉኮስ ይፈርሳል። ካሎሪውን ለአራት ብታካፍዪው 12 ይመጣል፤ ለአባትሽ ደም የሚቆጠረው ይህ 12 እንጂ 5ቱ አይደለም።

እመ ሁለት

ስለዚህ በመቶ ሚሊ ከማንጎው ጋር ያለው ልዩነት የአንድ ግራም ነው ማለት ነው። ጠርሙሱ 500 ሚሊ ሊትር ነው። እኅቴን ልጥራት።